ከሜካፕ በላይ የሚደገም የፀሐይ መከላከያ፦ ዱቄቱ፣ የሚረጨውና ስቲኩ በእርግጥ ምን ያህል ይከላከላሉ?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በማንኛውም ፋርማሲ ውስጥ የፀሐይ መከላከያ፣ በዐረብኛው «ዋቂ ሸምስ»፣ የራሱ መደርደሪያ አለው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በቱቦ ከታሸገው ክሬም ጎን ሌሎች ዓይነቶችም ሰፊ ቦታ ይዘዋል። በብሩሽ የሚነሰነስ ዱቄት (ቡድራ)፣ ፊት ላይ የሚረጭ ፈሳሽ (በኻኽ)፣ እንደ ከንፈር ቅባት ከመያዣው ተጠምዝዞ የሚወጣ ስቲክ ሁሉም በአንድ ላይ ይደረደራሉ። የሦስቱም ማስታወቂያ አንድ ነው፤ ጠዋት የተቀባው ሜካፕ ሳይነካና ፊት ሳይታጠብ ቀትር ላይ መከላከያውን ማደስ ይቻላል ይላል። በማሸጊያቸውም ላይ እንደ ክሬሙ ሁሉ «ኤስፒኤፍ 50» የሚል ጽሑፍ ታትሟል።

ፊቷን ተኳኩላ ወደ ሥራ ለምትሄድ ሴት ይህ ትልቅ ችግር የሚያቃልል ይመስላል። በሆቴል መቀበያ፣ በመደብር፣ በአውሮፕላን ማረፊያና በቢሮ የሚሠሩ በርካታ ኢትዮጵያውያት ሜካፕ የሥራ ደንባቸው አካል ነው። የቆዳ ሐኪሞች ደግሞ ከቤት ውጭ የሚቆይ ሰው መከላከያውን በየሁለት ሰዓቱ፣ ካላበው ወይም ፊቱን በፎጣ ከጠረገ ደግሞ ወዲያውኑ እንዲደግም ይመክራሉ። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው በማሸጊያው ላይ ካለው ቁጥር ሳይሆን ፊት ላይ ከሚያርፈው መጠን ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ኤስፒኤፍ የሚባለው ቁጥር የሚገኘው በቤተ ሙከራ፣ በፈቃደኛ ሰዎች ጀርባ ላይ በሚደረግ ልኬት ነው። መከላከያው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ሆኖ ይቀባል፤ ከዚያም ቆዳው እስኪቀላ ድረስ የሚያስፈልገው የአልትራቫዮሌት ጨረር ካልተቀባው ቆዳ ጋር ይነጻጸራል። 50 የተባለው ምርት በዚህ መጠን ሲቀባ ቆዳን ከሚያቀላው ጨረር ከ50 እጅ አንዱን፣ ማለትም 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ያሳልፋል። 30 የተባለው ደግሞ 3 በመቶ ገደማ ያሳልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙዎች እንደሚያስቡት ሰፊ አይደለም። ሰፊው ልዩነት ያለው በቂ በተቀባውና ባልተቀባው መካከል ነው።

የአንድ ጎልማሳ ሴት ፊትና የአንገቷ ፊት ለፊት በጥቅሉ 600 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል ተብሎ ቢታሰብ፣ ለዚህ ስፋት የሚያስፈልገው መከላከያ 1.2 ግራም ነው። ይህም በሻይ ማንኪያ ሩብ ገደማ ሲሆን፣ በሁለት ጣቶች ርዝመት ላይ እንደ መስመር ከሚጨመቅ ክሬም ጋር ይቀራረባል። ብዙ ሰው ከዚህ ከግማሽ እስከ ሩብ የሚሆነውን ብቻ እንደሚቀባ በተደጋጋሚ በተደረጉ ልኬቶች ታይቷል።

መጠኑ ሲቀንስ መከላከያው በምን ያህል እንደሚቀንስ ተመራማሪዎች ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። አንዳንድ ልኬቶች ቅነሳው ከመጠኑ ጋር እኩል እንደሚሄድ ያሳያሉ፤ በዚህ አቆጣጠር 50 የተባለው ምርት በሩብ መጠን ሲቀባ 12 ወይም 13 ይሆናል። ሌሎቹ ደግሞ ቅነሳው እጅግ ፈጣን መሆኑን ያመለክታሉ፤ በዚያኛው አቆጣጠር ያው ሩብ መጠን 3 እንኳ አይሞላም። ከሁለቱ ስሌቶች የትኛውም ቢወሰድ፣ በስሱ የተቀባ 50 ከእንግዲህ 50 ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

ዱቄቱም ሆነ የሚረጨውና ስቲኩ የተለኩት በዚሁ በ2 ሚሊ ግራም ነው። ዱቄት ሲለካ ቆዳ ላይ እንዲይዝ አስቀድሞ ቆዳውን በውኃ ማራስ እንኳ በዓለም አቀፉ የመለኪያ ደንብ ተፈቅዷል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ ማንም ሰው በማይጠቀምበት መጠን የተገኘ ቁጥር ነው እንጂ።

ዱቄቱ፦ በስሌት የተፈተነ ምሳሌ

በዱባይ በአንድ ሆቴል መቀበያ የምትሠራ ሴት እንውሰድ፤ ሀና እንበላት። ማለዳ ክሬም መከላከያ፣ ከዚያም ፋውንዴሽንና ጥቂት ሜካፕ ተቀብታ ከቤት ትወጣለች። ቀትር ላይ ለምሳ ስትወጣና ከሰዓት በኋላ ወደ ሜትሮ ጣቢያ ስትሄድ በቦርሳዋ ከያዘችው የብሩሽ ዱቄት ፊቷ ላይ ትነሰንሳለች። ብሩሹ ለስላሳ ነው፤ ላቧን ያደርቃል፤ የፊቷን ወዝ ያጠፋል። በዚህም የተጠበቀች ሆና ይሰማታል።

በብሩሽ የሚሸጡት ዱቄቶች አብዛኛውን ጊዜ 4 ግራም ገደማ ይይዛሉ። ሀና በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ስትጠቀምበት መያዣው ሁለት ወር ቆየላት እንበል። በሁለት ወር ውስጥ 52 የሥራ ቀናት አሉ፤ ይህም 104 ጊዜ መነስነስ ማለት ነው። 4 ግራም ለ104 ሲካፈል በአንድ ጊዜ 38 ሚሊ ግራም ያህል ይደርሳል። የሚያስፈልገው ግን 1.2 ግራም፣ ማለትም 1,200 ሚሊ ግራም ነበር። ሀና የተቀባችው ከሠላሳ እጅ አንዱን ብቻ ነው። በብሩሹ ጸጉር መካከል የቀረውና ልብሷ ላይ የረገፈው ገና አልተቀነሰም። በለጋሱ ስሌት እንኳ ይህ መጠን ለብቻው የሚሰጣት ኤስፒኤፍ 3 አይደርስም፤ በጥብቁ ስሌት ደግሞ ምንም ካለመቀባት እምብዛም አይለይም።

የተጻፈውን መጠን በእርግጥ ለማድረስ ብትፈልግስ? መያዣው በሦስት ጊዜ ብቻ ያልቅባት ነበር፤ በአንድ ቀን ተኩል ማለት ነው። ፊቷም በዱቄት የተለሰነ ግድግዳ በመሰለ ነበር። ማንም ሴት እንዲህ አድርጋ ከቤት አትወጣም፤ አምራቾቹም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2019 ባወጣው ረቂቅ ደንብ ክሬምን፣ ስቲክንና የሚረጨውን ተቀባይነት ባላቸው ዓይነቶች ውስጥ ሲመድብ፣ ዱቄትን ግን ተጨማሪ ማስረጃ የሚያስፈልገው ብሎ ለይቶ አስቀምጦታል። ከላይ ያለውን ስሌት ለተመለከተ ሰው ይህ ጥንቃቄ የሚያስገርም አይሆንም።

ይህ ማለት ግን ሀና ቀትር ላይ ያለ መከላከያ ትቀራለች ማለት አይደለም። ጠዋት የተቀባችው ክሬም በቂ ከነበረ፣ በአየር ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቆየች፣ ካላበችና ፊቷን ካልጠረገች ክሬሙ በአብዛኛው በቦታው አለ። መከላከያ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደ ሰዓት ደወል ድንገት አይጠፋም፤ በመነካካት፣ በላብና በወዝ ቀስ በቀስ ይሳሳል። ቀትር ላይ የሚጠብቃት እንግዲህ ያ የጠዋቱ ሽፋን ነው፤ ዱቄቱ በዚያ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ጠዋት በስሱ የተቀባች ከሆነ ግን ዱቄቱ ያጎደለችውን አይሞላላትም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ከቦርሳ የሚወጣውን ዱቄት ተማምነው የጠዋቱን ክሬም ይቆጥባሉ።

የቁጥሮች መደማመርም ሌላ የተለመደ ስሕተት ነው። ክሬሙ 30፣ ፋውንዴሽኑ 20፣ ዱቄቱ 50 ቢሆኑ ድምሩ 100 አይሆንም። ፋውንዴሽን የሚቀባው በጠብታ በመሆኑ በላዩ የተጻፈው ቁጥር እንደ ዱቄቱ ሁሉ ሊደረስበት የማይችል ነው።

የሚረጨው

የሚረጨው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በተጨመቀ ጋዝ የሚሠራው ቆርቆሮ ሲሆን፣ ሌላው በጣት እየተጫኑት እንደ ጉም የሚረጨው አነስተኛ ጠርሙስ ነው። ከሜካፕ በላይ የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

እንዲህ ያለ ጠርሙስ በአንድ ጭነት የሚያወጣው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ከሚረጨው ምንም ሳይባክን ሁሉም ፊት ላይ ቢያርፍ እንኳ ለፊትና ለአንገት አሥር ጊዜ ያህል መጫን ያስፈልጋል። በተግባር ግን ጉሙ ከፊት ጎን ያልፋል፣ ጸጉር ላይ ያርፋል፣ አየር ላይ ይቀራል፤ ግማሹ ብቻ ቆዳ ካገኘ ደግሞ ጭነቱ ወደ ሃያ ይወጣል። ብዙ ሰው ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተጭኖ ጠርሙሱን ይከድናል። የራሷን ጠርሙስ ለመፈተን የምትፈልግ ሴት ከሻይ ማንኪያ ጋር አስጠግታ እየረጨች ስንት ጭነት ማንኪያውን እንደሚሞላው ትቁጠር። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ማንኪያው በአርባ ጭነት ከሞላ እያንዳንዱ ጭነት 0.125 ሚሊ ሊትር ነው ማለት ነው።

ከመጠኑ ሌላ የመዳረስ ችግርም አለ። ክሬም በእጅ ስለሚዳረስ ያልነካው ቦታ ይታወቃል። የተረጨ ፈሳሽ ግን በነጠብጣብ ነው የሚያርፈው፤ ነጠብጣቦቹ እርስ በርስ ካልተገናኙ በመካከላቸው ያለው ቆዳ ገላጣ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው የቆዳ ሐኪሞች የተረጨው ወዝ መስሎ እስኪታይ ድረስ እንዲረጭ፣ ከዚያም በእጅ እንዲዳረስ የሚመክሩት። ፊትን በተመለከተ ደግሞ ምክሩ ከዚህም ይጠብቃል፤ መጀመሪያ መዳፍ ላይ ተረጭቶ ከዚያ በእጅ እንዲቀባ ይላሉ፤ ምክንያቱም ወደ ፊት በቀጥታ የሚረጭ ነገር ወደ ዓይንና ወደ ሳንባ ይገባል። አስም ላለባት ሴት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ታዲያ በእጅ የተዳረሰ ፈሳሽ ሜካፑን ያበላሻል፤ ያልተዳረሰው ደግሞ በቂ አይከላከልም። የሚረጨው የተገዛበት ዓላማና በትክክል የሚሠራበት መንገድ ይጋጫሉ።

ነፋስ ሲጨመር ጉዳዩ ይብሳል። በባሕር ዳርቻ ወይም በሕንፃዎች መካከል በሚነፍስ መጠነኛ ነፋስ እንኳ ከቆርቆሮ የሚወጣው መከላከያ ብዙው ክፍል ቆዳ ሳይነካ ይሄዳል። የአውስትራሊያ የካንሰር ምክር ቤት በዚህ ምክንያት በጋዝ የሚረጩትን እንዲጠቀሙ አይመክርም። የቆዳ ካንሰር በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ከሆነችው ከአውስትራሊያ የመጣ ምክር በመሆኑ ሊደመጥ ይገባዋል።

በጋዝ የሚሠራውን ቆርቆሮ በተመለከተ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። በመኪና ውስጥ በበጋ ትቶ መሄድ አይገባም፤ በማሸጊያው ላይ እንደሚጻፈው ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል፤ በባሕረ ሰላጤው በጋ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ከዚህ በቀላሉ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ተቀጣጣይ ናቸው፤ መከላከያ ረጭተው ወዲያው ወደ እሳት የቀረቡ ሰዎች የተቃጠሉባቸው አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል። በዕረፍት ቀን ከቤት ለመውጣት ተረጭታ፣ እግረ መንገዷን ከሰል አያይዛ ቡና ለማፍላት ወይም ዕጣን ለማጨስ የምታስብ ሴት ፈሳሹ ከቆዳዋ ላይ በሚገባ እስኪደርቅ መቆየት አለባት።

ስቲኩ

ከሦስቱ መካከል በቂ መጠን ቆዳ ላይ የማሳረፍ ተስፋ ያለው ስቲኩ ነው። ሰምና ቅባት ስላለው አይረግፍም፣ አየር ላይ አይባክንም፣ የት እንደነካም ይታወቃል። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ብቻ ማሳለፍ አይበቃም። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ስቲኩን አራት ጊዜ ማመላለስን፣ ከዚያም በእጅ ማዳረስን ይመክራል። በግንባር ላይ አንድ መስመር፣ በየጉንጩ አንድ መስመር አሥምሮ ክዳኑን መመለስ የዱቄቱን ታሪክ መድገም ነው።

ችግሩ ስቲክ ፋውንዴሽን ላይ አራት ጊዜ ሲመላለስ ፋውንዴሽኑን ይዞ መሄዱ ነው። ቀለሙ በመስመር ይገፋል፣ በአፍንጫ ጎን ይጠራቀማል፤ የስቲኩም ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለመቀነስ የሚከተለው አካሄድ ይሠራል።

በመጀመሪያ በወረቀት መሐረብ ላቡንና ወዙን መምጠጥ ያስፈልጋል፤ ማሸት ሳይሆን መጫንና ማንሣት። በእርጥብ ወዝ ላይ የተቀባ ሰም አይዝም። ቀጥሎም የስቲኩን ጫፍ በንጹሕ መሐረብ መጥረግ ይገባል። ሜካፕ በማይበዛባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በአንገት፣ በጆሮ፣ በጸጉር መስመርና በአፍንጫ ድልድይ ላይ፣ ስቲኩ በቀጥታ አራት ጊዜ ይመላለስ። እነዚህ ቦታዎች ጠዋትም ብዙ ጊዜ የሚረሱ ናቸው፤ ስቲኩ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው እዚህ ነው። በጉንጭና በግንባር ላይ ግን ስቲኩን በንጹሕ ጣት ላይ አሽቶ ሙቀቱ እስኪያለሰልሰው መጠበቅ፣ ከዚያም ፊት ላይ ሳይጎትቱ እየጫኑ ማሳረፍ ይሻላል። ይህ መንገድ የሚያደርሰው መጠን ያነሰ ስለሆነ ሁለት ዙር መደረግ አለበት። ስፖንጅ መጠቀም ቢቻልም ስፖንጅ ራሱ ብዙ ይጠጣል። በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የቀረውን ወዝ ለማጥፋት ዱቄት መነስነስ ይቻላል፤ የብሩሹ ዱቄት ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ፣ እንደ ማጠናቀቂያ ሆኖ ነው።

መጠኑ ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለውን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። ወርቅ ለመመዘን የሚያገለግል ዓይነት አነስተኛ ሚዛን ያላት ሴት ስቲኩን ከመቀባቷ በፊትና በኋላ መዝና ልዩነቱን ታያለች፤ 1.2 ግራም ከቀነሰ ሙሉ መጠን ነው፣ 0.3 ግራም ከሆነ ሩብ ነው። ሚዛን የሌላት ደግሞ ቀን ትቁጠር። 15 ግራም የሚይዝ ስቲክ ሙሉ መጠን ሲቀባ ለ12 ጊዜ ያህል ይበቃል፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚቀባ ከሆነ በሁለት ሳምንት ገደማ ማለቅ አለበት። ስድስት ወር የቆየ ስቲክ በትክክል ጥቅም ላይ እንዳልዋለ ራሱ ይመሰክራል። በዚሁ ስሌት 50 ሚሊ ሊትር የሚረጭ ጠርሙስ ምንም ሳይባክን 40 ጊዜ ያህል ነው የሚያገለግለው። ወጪው ከፍ ያለ ነው፤ ለዚህም ነው ዋናውን ሥራ ለጠዋቱ ክሬም ትቶ ስቲኩን ለማደሻ ማቆየት ከኪስም ከቆዳም አንጻር የሚያዋጣው።

ለጠቆረ ቆዳ የተለየው ነገር

ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው መከላከያ አያስፈልገውም የሚለው አባባል ከፊል እውነት አለው። ጥቁር ቆዳ በራሱ 13 ገደማ የሚሆን ተፈጥሯዊ ኤስፒኤፍ እንዳለው፣ የነጭ ቆዳ ግን ከ3 ብዙ እንደማይበልጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ የታተመ የታወቀ ልኬት አሳይቷል። የኢትዮጵያውያን የቆዳ ቀለም ሰፊ ክልል ስላለው ይህን ቁጥር ለሁሉም እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ያም ሆነ ይህ፣ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ በፀሐይ ሲጎዳ እንደ ነጩ አይቀላም። መጀመሪያ የሚሰማው ሙቀትና መወጠር ነው፤ ጉዳቱም ከቀናት በኋላ በጥቁረት ይገለጣል።

ለብዙዎቹ ሴቶች ዋናው ጉዳይ ማድያት ነው። ማድያት በጉንጭ፣ በግንባርና በላይኛው ከንፈር በላይ የሚወጣ ጥቁረት ሲሆን፣ እርግዝናና የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች ያባብሱታል። ከአልትራቫዮሌት ጨረር በተጨማሪ በዓይን የሚታየው ብርሃንም በጠቆረ ቆዳ ላይ ያስነሣዋል። ተራው የፀሐይ መከላከያ፣ 50 የተባለውም ቢሆን፣ የሚታየውን ብርሃን እምብዛም አይከለክልም። የሚከለክለው ብረት ኦክሳይድ የተባለው ቡናማና ቀይ ማዕድን ነው፤ ለፋውንዴሽንና ቀለም ላላቸው መከላከያዎች መልክ የሚሰጣቸውም እርሱ ነው።

ከዚህ አንጻር ሜካፕ እንቅፋት ብቻ ሳይሆን አጋርም ይሆናል። ማድያት ያለባት ሴት ቀለም የሌለው መከላከያ ቀብታ በላዩ ፋውንዴሽን ከምትደርብ ይልቅ፣ ከቆዳዋ ቀለም ጋር የሚስማማ ባለቀለም መከላከያ በፋውንዴሽን ምትክ ብትጠቀም ሁለት ነገር ታተርፋለች። የሚታየውን ብርሃን ትከላከላለች፤ ቀትር ላይ ደግሞ ያንኑ ክሬም በጣቷ እየጫነች መድገም ትችላለች። የሚደገመው ነገር ከሥሩ ካለው ጋር አንድ ስለሆነ ቀለሙ አይዘበራረቅም። ሜካፕን በዓይንና በከንፈር ላይ ብቻ መወሰን ከሦስቱም ዓይነቶች ይልቅ ይህን ችግር በሚገባ ይፈታዋል። ስቲክ ስትገዛም ቀለም ያለውን መምረጥ ይበጃታል፤ ቀለም የሌለው ስቲክ ማድያትን በተመለከተ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው።

የማሸጊያውን ጽሑፍ ስታነብም ከኤስፒኤፍ ሌላ የዩቪኤ ምልክትን መፈለግ አለባት፤ ኤስፒኤፍ በዋናነት የሚነግረው ስለ ሌላኛው፣ ቆዳን ስለሚያቀላው ዩቪቢ ነውና። በአውሮፓ ምርቶች ዩቪኤ የሚለው ጽሑፍ በክብ ውስጥ ይታተማል፤ በጃፓንና በኮሪያ ምርቶች ደግሞ «ፒኤ» ከሚለው ቀጥሎ የመደመር ምልክቶች ይደረደራሉ፤ ምልክቱ በበዛ ቁጥር ጥበቃው ይጨምራል። ዩቪኤ በመስኮት መስታወት ያልፋል። በመኪና የጎን መስታወት አጠገብ በየቀኑ የምትቀመጥ ሴት ከቤት ውጭ ሳትሆንም ታገኘዋለች።

በቀኑ ውስጥ እንዴት ይደራጃል?

ወደ ሀና እንመለስ። ጠዋት 1.2 ግራም ክሬም በአንድ ጊዜ መቀባት ካስቸገራት ግማሹን ቀብታ፣ ጥቂት ቆይታ ሌላውን ግማሽ ትደግማለች። ሩብ ሰዓት ያህል ከጠበቀች በኋላ ሜካፑን በስሱ ትቀባለች፤ እየጫነች እንጂ እያሸች አይደለም፤ ማሸት ከሥር ያለውን ሽፋን ይገፋዋል። እስከ ቀትር በአየር ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቆየች እስከዚያ መድገም አያስፈልጋትም።

ለምሳ ስትወጣ ፀሐይዋ በጣም የበረታችበት ሰዓት ነው። በተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች በበጋ፣ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቤት ውጭ የሚሠሩ ሠራተኞች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ከፀሐይ እንዲያርፉ የሚያደርገው ደንብ የወጣው ለሙቀት ቢሆንም፣ ጨረሩም የሚከብደው በዚሁ ሰዓት ነው። በዚህ ወቅት የአልትራቫዮሌት መለኪያ ቁጥሩ 11 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ3 ጀምሮ መከላከል ያስፈልጋል ይላል። በክረምቱም ቢሆን ቀትር ላይ ቁጥሩ ከ3 ያልፋል። ሀና ከመውጣቷ በፊት ፊቷን በወረቀት ትመጥጣለች፤ ስቲኩን በአፍንጫ፣ በጆሮና በአንገት በቀጥታ፣ በጉንጭና በግንባር በጣት ታሳርፋለች፤ ጃንጥላ ወይም ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣም ትይዛለች። ከመንገድና ከመስታወት የሚንጸባረቀውን ጨረር ጃንጥላ ባይከለክለውም፣ ከላይ የሚመጣውን የሚያስቀርበት ኃይል ፊት ላይ በተነሰነሰው ዱቄት መጠን አይወሰንም።

ብዙ ካላበች፣ ለምሳሌ ልጆች ይዛ መናፈሻ ከዋለች ወይም ባሕር ዳርቻ ከሄደች፣ ከሜካፕ በላይ የሚደገም ማንኛውም ነገር አያዋጣትም። «ውኃ የሚቋቋም» የተባለው ምርት እንኳ በማሸጊያው ላይ የሚጻፍለት 40 ወይም 80 ደቂቃ ነው። እንዲህ ባለ ቀን ሜካፑን ማንሣት፣ ፊትን ማድረቅና ክሬሙን እንደ አዲስ በሙሉ መጠን መቀባት ያስፈልጋል፤ ወይም ከጅምሩ ያለ ሜካፕ፣ በባለቀለም መከላከያ ብቻ መውጣት።

ያደረገችው ጥንቃቄ በቂ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ የላይኛውን ከንፈርና የጉንጭ አጥንትን መከታተል ይበቃል። በሳምንታት ውስጥ እነዚህ ቦታዎች ከመንጋጋ በታች ካለው ቆዳ ይልቅ እየጠቆሩ ከሄዱ፣ ወይም በሕክምና የደበዘዘ ማድያት ከተመለሰ፣ የሚደርሰው መጠን አንሷል ማለት ነው። ሌላ ምርት ከመግዛት በፊት መፈተሽ ያለበት የጠዋቱ ክሬም ቱቦ ስንት ቀን እንደቆየ ነው፤ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቱቦ በየቀኑ አንድ ጊዜ በሙሉ መጠን ሲቀባ በስድስት ሳምንት ገደማ ያልቃል።